ከሌሊቱ 7፡15 የሰኞ ነው ወይስ የማክሰኞ? ቀንና ሰዓት ለተለያየ አቆጣጠር ተጠቃሚዎች ሲጻፍ

ከመስቀል አደባባይ ብዙ በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስብሰባ አስተባባሪ የሆነች ሴት ለሦስት ሰዎች መልእክት ልትጽፍ ነው እንበል። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ነው። ሁለተኛው እንግዳውን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው ሹፌር ነው። ሦስተኛው እንግዳው የሚያርፍበት ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። በእጇ ያለው ትኬት አውሮፕላኑ ማርች 17 ቀን 2026፣ 01:15 ላይ ቦሌ እንደሚያርፍ ይናገራል። ይህን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ከባድ አይመስልም። ማርች 17 መጋቢት 8 ነው፤ በ01:15 ላይ ስድስት ሰዓት ሲደመር ደግሞ 7፡15 ይመጣል። ስለዚህ ለሹፌሩ “ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን ከሌሊቱ 7፡15” ብላ ትልካለች። በስሌቱ ውስጥ አንድም ስህተት የለም። ሹፌሩ ግን መልእክቱን በሚገባ አንብቦ፣ በሚገባ ተረድቶ፣ ልክ ከአንድ ቀን በኋላ ቦሌ ሊገኝ ይችላል።

ይህ የሚሆነው ሁለቱ ወገኖች ቀንን የሚለውጡበት ሰዓት ስለሚለያይ ነው። በትኬቱ ሥርዓት ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት ኑሮ ግን ቀን የሚጀምረው ሲነጋ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ሌሊቱም ያለፈውን ቀን ይከተላል። “ማክሰኞ ሌሊት” ሲባል አብዛኛው ሰው የሚረዳው ማክሰኞ ውሎ፣ መሽቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሌሊት ነው። ትኬቱ ያን ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ረቡዕ ይለዋል። እንግዳው የሚያርፍበትን ሌሊት ግን ሹፌሩ በራሱ ቋንቋ “ሰኞ ሌሊት” ይለው ነበር። ጉዳዩን የሚያከብደው ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር መኖሩ ነው። በእስልምና አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማል፤ የጁምዓ ሌሊት የሚባለው ሐሙስ ከመሸ በኋላ ያለው ነው።

እንግዲህ በሃያ አራቱ ሰዓት ውስጥ ትኬቱና ሹፌሩ የማይስማሙት በስድስቱ ሰዓት ብቻ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። በቀሩት ዐሥራ ስምንት ሰዓታት የዕለቱ ስም ለሁለቱም አንድ ነው። ቀን መቀየሪያ ፕሮግራሞች የማይረዱንም እዚህ ላይ ነው። “ማርች 17 መጋቢት 8 ነው” ማለታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰዎች መጋቢት 8 ከስንት ሰዓት እንደሚጀምር አይነግሩንም። አንድ ጽሑፍ በእነዚህ ስድስት ሰዓታት ውስጥ የሚውል ነገር ካለው ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሌሊት በረራ፣ የሌሊት ተረኛ የሥራ ክፍፍል፣ ከሩቅ አገር በቀጥታ የሚተላለፍ ውድድር ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ለአማርኛ አንባቢ መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ሌሊቱን በሁለቱም ቀኖቹ መጥራት ነው። “ሰኞ መጋቢት 7 ለማክሰኞ መጋቢት 8 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡15” ሲባል የሚሳሳት ሰው አይኖርም። ሌሊቱ ከየትኛው ቀን ወደየትኛው እንደሚያሻግር ስለተነገረ የሰኞ ነው ብሎ የሚያስበውም የማክሰኞ ነው ብሎ የሚያስበውም አንድ ቦታ ይደርሳሉ። ብዙ ሰው ይህን አነጋገር ለሠርግና ለለቅሶ፣ ለዜናም ይጠቀምበታል። የቢሮ ደብዳቤ ላይ ሲደርስ ግን ያልተማረ ሰው አነጋገር ይመስል ትቶት ቁጥር ብቻ ይጽፋል። መተው የለበትም፤ ከቁጥሩ ይልቅ ትክክለኛው እሱ ነው። “ዛሬ ሌሊት” የሚለው ግን በጽሑፍ መልእክት ፈጽሞ መግባት የሌለበት ነው፤ ያለፈውን ሌሊትም የሚመጣውንም ሊጠራ ይችላል፣ መልእክቱም መቼ እንደሚነበብ አይታወቅም።

ሆቴሉ ጋ ስንመጣ ሌላ ነገር እናያለን። ሆቴል የሚሸጠው ሌሊት ነው፤ ሌሊቱንም የሚሰይመው ባመሸበት ቀን ነው። በብዙ ሆቴሎች እንግዳ ክፍል የሚረከበው ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ነው። አስተባባሪዋ ትኬቱን ብቻ አይታ ከማርች 17 ጀምሮ ክፍል ብትይዝ፣ ሆቴሉ ክፍሉን የሚያዘጋጀው ለማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዳው ግን ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። መያዝ የነበረባት ከማርች 16 ሌሊት ጀምሮ፣ ማለትም ከሰኞ መጋቢት 7 ጀምሮ ነው። ስለዚህ የሆቴሉ ልማድ የሚስማማው ከሹፌሩ ጋር እንጂ ከትኬቱ ጋር አይደለም። ለሆቴሉ ሲጻፍ መግቢያውን ብቻ መጥቀስ አይበቃም፤ “የመጀመሪያው ሌሊት ሰኞ ማርች 16 ነው፣ እንግዳው የሚደርሰው ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ ማርች 17 ቀን 02:30 ገደማ ነው” ማለት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሐረግ ከሌለ ሆቴሉ እንግዳው ቀረ ብሎ ክፍሉን ለሌላ ሊሰጠው ይችላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ቁጥር እንምጣ። በእኛና በውጭው አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ነው፤ ደቂቃው አይለወጥም። ችግሩ ያለው ቁጥሮቹ ቦታ መለዋወጣቸው ላይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚባለው በውጭው 9 ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚባለው ደግሞ በውጭው 3 ነው። ሁለቱም የሥራ ሰዓት ስለሆኑ “3፡00” ወይም “9፡00” ብሎ ብቻ የተጻፈ የስብሰባ ጥሪ በየትኛውም ንባብ ስሜት ይሰጣል፤ የሚጠራጠር ሰው የለም። 1 ሰዓት ቢሆን ኖሮ አንዱ ንባብ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለሚወድቅ አንባቢው ይነቃ ነበር። እንደ እነዚህ ያሉ ቁጥሮች በቢሮ ሕይወት ውስጥ በጣም የሚያስቸግሩት ለዚህ ነው።

በውጭው የሃያ አራት ሰዓት አጻጻፍ ግን ከ13 እስከ 23 ያሉት ቁጥሮች ለስህተት አይመቹም። በእኛ አቆጣጠር ከ12 በላይ ሰዓት ስለሌለ 15:00 የሚል ያየ ሁሉ የውጭ አቆጣጠር መሆኑን ወዲያውኑ ያውቃል። የሚያሳስቡት ከ01 እስከ 12 ያሉት ናቸው። 01:15ን ያየ ሹፌር “ከጠዋቱ 1፡15” ብሎ ቢያነብ፣ ቦሌ የሚደርሰው እንግዳው ካረፈ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከቀትር በፊት ያሉ ሰዓታት በሁለቱም አቆጣጠር አብረው ካልተጻፉ ደኅና አይደሉም። “ከጠዋቱ 3፡00 (በውጭ አቆጣጠር 09:00)” ማለት በቂ ነው። “ከጠዋቱ” የሚለው ቃልም መቅረት የለበትም፤ ከሰዓቱ ቁጥር እኩል መረጃ ይዟል። ከቀኑ 11 ሰዓትና ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚለዩት በእሱ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ የእንግሊዝኛ ጥሪ ወረቀቶች ላይ ከሰዓቱ ቀጥሎ LT የሚሉ ሁለት ፊደላት ይታያሉ። የጻፈው ሰው “በአገራችን አቆጣጠር” ማለቱ ነው፤ “3:00 LT” ለእሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ለውጭ አንባቢ ግን እነዚያው ፊደላት “ስብሰባው በሚካሄድበት ከተማ የሚሠራበት ሰዓት” ማለት ናቸው። አየር መንገዶችም ትኬት ላይ የሚጽፉት ሰዓት በዚሁ ትርጉም የየከተማው ሰዓት ነው። እንግዳው በትኬቱ ላይ 01:15 የአዲስ አበባ ሰዓት መሆኑን አንብቦ መጥቶ፣ በጥሪው ላይ 3:00 የአዲስ አበባ ሰዓት የሚል ሲያይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊመጣ ይችላል፤ ስብሰባው ያኔ አልቋል። እነዚህን ሁለት ፊደላት ጨርሶ መተው ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ሰዓት የሚቆጥሩ ጎረቤቶች አሉን። ናይሮቢ ያለ ሰው በስዋሂሊ ሲናገር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚለው እኛ የምንለውን ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን ወደ 9 ይመለሳል። ስለዚህ የተቀባዩን አገር ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብም ማሰብ ያስፈልጋል።

ስህተት ከተፈጠረ በኋላ ምንጩን ማግኘት ከባድ አይደለም፤ የልዩነቱ መጠን ይናገራል። አንድ ሰው በስድስት ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣ የሰዓት አቆጣጠሩ ተምታቷል። በዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነ ጠዋት ወይም ማታ የሚለው ቃል ጠፍቷል። ልክ በአንድ ቀን ከሆነ ነገሩ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ነው፣ ወይም ከዚህ በታች የምናየው የጳጉሜን 6 ጉዳይ ነው። በሦስት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ UTC የሚባለውን የዓለም መነሻ ሰዓት እንዳለ አሳይቷል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእሱ በሦስት ይቀድማልና። ይህን ያወቀ ሰው ማን እንዳጠፋ ከመከራከር ይልቅ የትኛው የጽሑፉ ክፍል መስተካከል እንዳለበት ወዲያው ያያል።

ለቀን ስህተት ግን ሳይፈጠር የሚያጋልጥ ነገር አለ፤ እሱም የሳምንቱ ቀን ስም ነው። ወሩ ቢለያይ፣ ዓመቱ ቢለያይ፣ ማክሰኞ በሁሉም አቆጣጠር ማክሰኞ ነው። ሳምንቱ ሁሉንም የሚያገናኝ ብቸኛው መቁጠሪያ ስለሆነ እንደ ማረጋገጫ ያገለግላል። አስተባባሪዋ “ማክሰኞ መጋቢት 8፣ ማርች 17” ብላ ከጻፈችና ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ከሳተች፣ አንባቢው የራሱን የቀን መቁጠሪያ ሲያይ ዕለቱ ማክሰኞ ሆኖ አያገኘውም፤ ደውሎም ይጠይቃል። ዕለቱ ካልተጻፈ ግን የተሳሳተው ቁጥር ራሱን ችሎ ትክክለኛ ቀን ይመስላል። አንድ ቃል ብቻ ተጨምሮ ይህን ያህል ስህተት የሚያስቀር ሌላ ነገር በዚህ ጉዳይ ውስጥ አላውቅም።

ወርን በቁጥር መጻፍ የዚህ ተቃራኒ ነው። 03/07/2018 የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢመጣ ሦስት ቀን ሊሆን ይችላል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 3 ቀን 2018 ነው። በአውሮፓውያን ልማድ ከተነበበ ጁላይ 3 ቀን 2018 ነው፤ እሱም በእኛ ሰኔ 26 ቀን 2010 ይሆናል። ወሩን የሚያስቀድም አሜሪካዊ ደግሞ ማርች 7 ቀን 2018 ይለዋል፤ በእኛ የካቲት 28 ቀን 2010። የወሩ ስም በፊደል ቢጻፍ ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ፤ መጋቢት የሚባል ወር በአውሮፓውያን ዘንድ የለም፣ ማርች የሚባልም በእኛ የለም። ኮምፒውተር ላይ የሚሞላ ቅጽም አንዳንዴ ስህተቱን ይይዛል፤ ጥቅምት 30ን 30/02 ብሎ ያስገባ ሰው ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ይመለስበታል። አደገኛው ጥቅምት 5ን 05/02 ብሎ ያስገባው ነው፤ ቅጹ ያለ ምንም ጥያቄ ተቀብሎ ፌብሩዋሪ 5 አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ዓመቱ ላይ “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” የሚል ምልክት ካልተደረገ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ይገባል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ጃንዋሪ ሲገባ ስምንት ይሆናል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ነበር፣ በማግስቱ ታኅሣሥ 23 ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026። ቆየት ያሉ የውልና የትምህርት ማስረጃዎችን የያዘ ፋይል ውስጥ የእኛ 2018ና የእነሱ 2018 ጎን ለጎን ሊቀመጡ ስለሚችሉ ምልክቱን “ይታወቃል” ብሎ መተው አይገባም።

አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር በቅርቡ ይመጣል። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ቀን ይኖራታል። በዚህም ምክንያት መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በቃል የምናውቃቸው ማመሳሰያዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይዛነፋሉ፤ መስቀል መስከረም 17 ሴፕቴምበር 28 ይውላል፣ ጥምቀት ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ይሆናል። መዛነፉ የሚያበቃው አውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ነው፤ ከማርች 1 ጀምሮ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ለእነዚያ ወራት የሚጻፍ የውል ማብቂያ ወይም የጉባኤ ቀን ካለፈው ዓመት ደብዳቤ መገልበጥ የለበትም።

ቀነ ገደብ ሲጻፍ ደግሞ 12 ሰዓት መወገድ ያለበት ቁጥር ነው። “እስከ ማክሰኞ 12 ሰዓት” የሚለውን የአዲስ አበባ ሰው የምሽቱ 12 ብሎ ይረዳዋል፤ በእንግሊዝኛ የተተረጎመለት ሰው ግን ቀትር ነው ወይስ እኩለ ሌሊት ብሎ ይቸገራል። “ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን ከቀኑ 11፡00 (17:00)” ቢባል ሁሉም ይግባባል። ቀኑ በሙሉ የተፈቀደ ከሆነ 23:59 ይጻፍ፤ በእኛ ከምሽቱ 5፡59 ነው፣ የየትኛው ቀን እንደሆነም አያጠራጥርም።

በኢንተርኔት ከሩቅ የሚሳተፍ ሰው ካለ የአዲስ አበባ ሰዓት ከነመለያው ይሰጠው እንጂ አስተባባሪዋ የእሱን ሰዓት አታስላለት። ኢትዮጵያ በዓመት ውስጥ ሰዓቷን አትለውጥም፤ ሌሎች ግን ይለውጣሉ። መጋቢት 8 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለንደን ላይ 06:00 ነው። እንግሊዞች ማርች 29 ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚያደርጉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ መጋቢት 22 ያው ስብሰባ በዚያው ሰዓት ሲካሄድ ለንደን ላይ 07:00 ይሆናል። ለእንግዳው የሚላከው የቁጥር መስመር እንዲህ ቢሆን በማንኛውም ቋንቋ ይነበባል፤ ከነመለያው የተመዘገበበት የኤሌክትሮኒክ የቀን መቁጠሪያም ሰዓቱን ራሱ ወደ ተቀባዩ አገር ይቀይረዋል።

```
2026-03-17 01:15 UTC+03:00
2026-03-17 09:00 UTC+03:00
```

የመጀመሪያው የማረፊያው፣ ሁለተኛው የስብሰባው ነው። ለሹፌሩ ግን ይህ መስመር አይላክም። ለእሱ የሚላከው በራሱ አቆጣጠር የተጻፈ፣ ከቤት የሚወጣበትን ሰዓት የያዘ ነው፦ “ጋሼ፣ እንግዳው የሚያርፈው ሰኞ መጋቢት 7 ለማክሰኞ መጋቢት 8 አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡15 ነው። ቦሌ ሰሌዳው ላይ 01:15 ይላል። ሰኞ ማታ ሳይተኙ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ላይ ከቤት ቢወጡ ይደርሳሉ።” የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። “ሰኞ ማታ ሳይተኙ” የሚለውን ያነበበ ሰው ስለ ቀን አቆጣጠር ማሰብ አያስፈልገውም፤ ከየትኛው ምሽት በኋላ እንደሚነሣ ያውቃል። “ገባኝ” ብሎ ቢመልስም አይበቃም፤ “የትኛው ማታ ነው የሚወጡት?” ተብሎ ቢጠየቅና በራሱ ቃል “ሰኞ ማታ” ቢል ነገሩ አለቀ።

አውሮፕላኑ ቢዘገይስ? ማረፊያው ወደ 06:30 ተዛወረ እንበል። አሁን ሰዓቱ ንጋትን ስላለፈ አጥቢያ የሚለው አይሠራም፤ በእኛ ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን ከጠዋቱ 12፡30 ነው። “ሰዓቱ ወደ 12፡30 ተቀይሯል” ብሎ ብቻ መላክ ሹፌሩን እኩለ ሌሊት ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቦሌ ሊያደርሰው ይችላል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያለፈበትንም ጊዜ 12:30 ብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉና። “ማክሰኞ” የሚለውን ብቻ ያየ እንደሆነም ጉዞው ወደ ሌላ ሌሊት የተዛወረ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ እንደ አዲስ ሙሉውን ይጻፍ፦ “የ7፡15ቱ ቀርቷል። እንግዳው የሚያርፈው ያው ሌሊት ሲነጋ፣ ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን ከጠዋቱ 12፡30 (06:30) ነው። ሰኞ ማታ ይተኙ፤ ከሌሊቱ 11፡30 ላይ ይውጡ።” ለሆቴሉም ይነገር፣ ነገር ግን የክፍሉ ቀን አይነካ። እንግዳው ሲደርስ ወዲያው አልጋ እንዲያገኝ ከተፈለገ የሚከፈለው አሁንም የሰኞ ማርች 16 ሌሊት ነው።